አንድ ሬዲዮ፣ ሁለት ሥራ፦ ሪፒተር የዋይፋይን ፍጥነት ለምን በግማሽ ይቀንሳል?

ቤቱ ቪላ ነው። ፋይበሩ የገባው ሳሎን ነው፤ ራውተሩም ቴሌቪዥኑ አጠገብ ተቀምጧል። ጓሮ ያለው ሰርቪስ ቤት ግን ዋይፋዩ በደንብ አይደርሰውም፤ ቪዲዮ ሲከፈት እየቆመ ያስመርራል። መፍትሔ ተብሎ በየኤሌክትሮኒክስ ሱቁ የሚሸጠው ሶኬት ላይ የሚሰካ ትንሽ ሪፒተር ነው። ይገዛል፣ ይሰካል፤ የስልኩ የዋይፋይ ምልክትም ወዲያው ሙሉ ይሆናል። የፍጥነት መለኪያ ሲከፈት ግን ሳሎን ውስጥ 30 ሜጋ ቢት በሰከንድ ያሳየው ስልክ እዚህ 15 እንኳ አይሞላም።

ይህን ያየ ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ዕቃውን ነው፤ «ፎርጅድ ሸጡልኝ» ብሎ ወደ ሱቁ የሚመለስም አይጠፋም። ነገሩ ግን የዕቃ ብልሽት አይደለም። ኦሪጅናሉም፣ አዲሱም፣ በትክክል የተሰካውም እንዲሁ ያደርጋል። ሪፒተሩ ያለው ሬዲዮ አንድ ብቻ ከሆነ፣ ከራውተሩ የተቀበለውን ሁሉ በዚያው ሬዲዮና በዚያው ቻናል መልሶ መላክ አለበት። ስለዚህ እያንዳንዱ ዳታ በአንድ አየር ላይ ሁለት ጊዜ ያልፋል። መንገድ ላይ የጠፋ ዳታ የለም፤ ለአንድ ዳታ የሁለት ዳታ ጊዜ ተከፍሏል እንጂ።

እንግዳ ሰባኪ በእንግሊዝኛ ሲሰብክ አጠገቡ የሚቆመውን አስተርጓሚ እናስብ። ሰባኪው አንድ ዓረፍተ ነገር ተናግሮ ዝም ይላል፤ አስተርጓሚው ያንኑ በአማርኛ ይናገራል፤ ከዚያ ሰባኪው ይቀጥላል። አስተርጓሚው የቱንም ያህል ፈጣን ቢሆን የግማሽ ሰዓት ስብከት አንድ ሰዓት ይፈጃል። ሁለቱ በአንድ ጊዜ ቢናገሩ ደግሞ ጉባኤው አንዱንም አይሰማም። ባለ አንድ ሬዲዮ ሪፒተር ማለት ይህ አስተርጓሚ ነው።

አየሩ በተራ ነው

ነገሩን ለመረዳት ዋይፋይ አየሩን እንዴት እንደሚጠቀም ማወቅ ይጠይቃል። አንድ የራውተር ሬዲዮ የሚሠራው በአንድ ቻናል ላይ ነው። በዚያ ቻናል ላይ ያሉት ሁሉ፣ ራውተሩ ራሱ፣ ስልኮቹ፣ ላፕቶፑ፣ ቴሌቪዥኑ፣ በአንድ አየር ይጠቀማሉ። በአንድ ቅጽበት መናገር የሚችለው ከእነርሱ አንዱ ብቻ ነው። ሁለቱ በአንድ ጊዜ ከላኩ ሲግናላቸው ይደባለቃል፤ ተቀባዩም ብዙውን ጊዜ ሁለቱንም አይለይም።

ተራ የሚያስከብር አለቃ በመካከላቸው የለም። እያንዳንዱ መሣሪያ ከመናገሩ በፊት ያዳምጣል። አየሩ ጸጥ ካለ ጥቂት ይጠብቃል፤ ከዚያ በላይ ደግሞ በዕጣ የደረሰውን ያህል ይቆያል፤ አሁንም ጸጥታ ከሆነ ይልካል። የዕጣው ጥቅም ሁሉም በአንድ ጊዜ እንዳይነሡ ነው። ተቀባዩ መልእክቱ በደህና ከደረሰው አጭር «ደርሶኛል» የሚል ምላሽ ይመልሳል። ምላሹ ካልመጣ ላኪው እንዳልደረሰ ቆጥሮ እንደገና ይልካል።

ስለዚህ በዋይፋይ ውስጥ የሚያልቀው ሀብት ጊዜ ነው። አንድ ሰከንድ አለች፤ በዚያች ሰከንድ ውስጥ ሁሉም ተራቸውን ይካፈሉ። ሳጥኑ ላይ የተጻፈው ቁጥርም ሆነ ስልኩ ላይ የሚታየው ምልክት ይህቺን ሰከንድ አያስረዝማትም።

አንድ ፓኬት ከቅርብ ሲታይ

አንዲት ፓኬት ከራውተሩ ወደ ስልክ ስትሄድ በጊዜ እንለካት። የተለመደች ትልቅ ፓኬት 1500 ባይት፣ ማለትም 12,000 ቢት ትይዛለች። ስልኩና ራውተሩ የተገናኙት በ65 ሜጋ ቢት ፍጥነት ነው እንበል፤ ይህ ቀለል ያለ ስልክ በ2.4 ጊጋኸርዝ ላይ ሊደርስበት የሚችል ፍጥነት ነው።

ራውተሩ መጀመሪያ ለ28 ማይክሮ ሰከንድ ያዳምጣል። ማይክሮ ሰከንድ የሰከንድ አንድ ሚሊዮንኛ ነው። ቀጥሎ በዕጣ የደረሰውን ይጠብቃል፤ ይህ በአማካይ ወደ 67 ማይክሮ ሰከንድ ነው። ከዚያ ተቀባዩን የሚያዘጋጅ መግቢያ ሲግናል ይልካል፤ እርሱም ወደ 36 ማይክሮ ሰከንድ ይወስዳል። ዳታው ራሱ 185 ማይክሮ ሰከንድ ይፈጃል። ከአጭር ዕረፍት በኋላ ስልኩ «ደርሶኛል» ሲል ሌላ 40 ያህል ይጨመራል። ሲደመር ወደ 360 ማይክሮ ሰከንድ ይሆናል።

12,000 ቢት በ360 ማይክሮ ሰከንድ ሲደርስ ፍጥነቱ በሰከንድ ወደ 33 ሜጋ ቢት ነው። ሪፒተር ገና ወደ ነገሩ ሳይገባ፣ 65 የተባለው ፍጥነት በማዳመጥ፣ በመጠበቅና ምላሽ በመቀበል ግማሽ ያህል ሆኗል። የስልኩ መቼት ውስጥ የሚታየው የግንኙነት ፍጥነትና የፍጥነት መለኪያው ቁጥር ፈጽሞ የማይገጥሙት በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን መሀል ላይ ሪፒተር እናስገባ። ራውተሩ ፓኬቷን ለሪፒተሩ ይልካል፦ 360 ማይክሮ ሰከንድ። ሪፒተሩ ፓኬቷን እስከ መጨረሻው መቀበል አለበት፤ ዳታው መበላሸት አለመበላሸቱን የሚያሳየው መቆጣጠሪያ ቁጥር ያለው ጭራዋ ላይ ነውና። ደግሞም በራውተሩና በሪፒተሩ መካከል ያለው ምስጢር መቆለፊያ በሪፒተሩና በስልኩ መካከል ካለው የተለየ ስለሆነ፣ ሪፒተሩ ፓኬቷን ፈትቶ እንደገና መቆለፍ ይኖርበታል። ይህን ካደረገ በኋላ እንደማንኛውም መሣሪያ ተሰልፎ፣ አዳምጦ፣ ዕጣውን ጠብቆ ያቺኑ ፓኬት ለስልኩ ይልካል፦ ሌላ 360 ማይክሮ ሰከንድ። ሪፒተሩ በሚልክበት ጊዜ ራውተሩ ቀጣዩን ፓኬት መላክ አይችልም፤ ቻናሉ አንድ ነው። ያው 12,000 ቢት አሁን 720 ማይክሮ ሰከንድ ፈጀ። ፍጥነቱም ከ33 ወደ 16 ተኩል ወረደ።

አዳዲስ መሣሪያዎች ብዙ ፓኬቶችን አንድ ላይ ጠርዘው ስለሚልኩ፣ በመጠበቅና ምላሽ በመቀበል የሚባክነው ጊዜ ይቀንሳል። ይህ ሁለቱንም ጉዞ ያፋጥናል። ጥርዙ ግን ያው ሁለት ጊዜ ነው የሚያልፈው፤ ስለዚህ ፍጥነቱ ቢጨምርም በግማሽ መከፈሉ አይቀርም።

እየሰማ ለምን አይናገርም?

እዚህ ላይ አንድ ተገቢ ጥያቄ ይነሣል። ሪፒተሩ ሁለት አንቴና አለው፤ ባንዱ እየተቀበለ በሌላው ለምን አይልክም?

አንቴና ሬዲዮ አይደለም። ሁለቱ አንቴናዎች የተያያዙት ከአንድ ሬዲዮ ጋር ሲሆን፣ ሥራቸው ዳታን በሁለት ጅረት መላክ ወይም ሲግናሉን ማጠንከር ነው። ሁለቱም አብረው ይቀበላሉ፣ አብረው ይልካሉ።

እንለያቸው ብንልም ከባድ ችግር አለ። ሪፒተሩ ሲልክ የሚያወጣው ኃይል እስከ 100 ሚሊዋት ይደርሳል። ከሁለት ግድግዳ ጀርባ ካለ ራውተር የሚደርሰው ሲግናል ግን ብዙውን ጊዜ -70 dBm አካባቢ ነው፤ በሚሊዋት ሲቆጠር የአንድ ሚሊዋት አሥር ሚሊዮንኛ ማለት ነው። የራሱ ድምፅ ሊሰማው ከሚሞክረው ድምፅ አንድ ቢሊዮን ጊዜ ይበልጣል። በአንድ ቻናል ላይ እየላከ ለመቀበል ቢሞክር የሚሰማው ራሱን ብቻ ነው።

ይህን ግድግዳ ለመስበር የሞከሩ አሉ። በ2013 የአሜሪካው የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አንድ ሬዲዮ የራሱን ድምፅ በልዩ ሰርኪትና በስሌት ቀንሶ፣ በዚያው ቻናል ላይ እየላከ መቀበል እንደሚችል በተግባር አሳይተዋል። የራሱን ድምፅ በ110 ዲሲቤል፣ ማለትም በመቶ ቢሊዮን እጥፍ፣ ማዳከም ችለው ነበር። በየሱቁ ሶኬት ላይ የሚሰኩት ሪፒተሮች ውስጥ ግን እንዲህ ያለ ሰርኪት የለም።

ሬዲዮው ከራውተሩ በአንድ ቻናል ተቀብሎ፣ ወደ ሌላ ቻናል ዘልሎ ለስልኩ ቢልክስ? ሬዲዮው አንድ እስከሆነ ድረስ ይህም አያድነውም። በሌላ ቻናል ላይ እያለ ከራውተሩ የሚመጣውን አይሰማም፤ ጊዜውን አሁንም ለሁለት ያካፍላል። ከዚያ በላይ በመዝለሉ የሚያጠፋው ጊዜ ይጨመርበታል። የተለመዱት ሪፒተሮች የራውተሩን ቻናል ይዘው የሚቀሩት በዚህ ምክንያት ነው።

ሪፒተሩ የት ይሰካ?

«በግማሽ ይቀንሳል» የሚለው አባባል እውነት ቢሆንም፣ ከምን ግማሽ እንደሆነ ካልተጠየቀ ያሳስታል። ወደ ቪላው ተመልሰን በቁጥር እንየው። ቁጥሮቹ ለምሳሌ የተወሰዱ ናቸው፤ የመለኪያ ውጤትም በየቤቱ ይለያያል። ስሌቱ ግን የትም ያው ነው።

ከሰርቪስ ቤቱ በቀጥታ ከሳሎኑ ራውተር ጋር የሚገናኝ ስልክ፣ መሀል ባሉት የብሎኬት ግድግዳዎች የተነሣ፣ 3 ሜጋ ቢት በሰከንድ ብቻ ያገኛል እንበል። ማውረድ የፈለገው 60 ሜጋ ቢት የሚሆን ፋይል ነው፤ አጭር ቪዲዮ ያህላል። በቀጥታ ሲያወርደው 20 ሰከንድ ይፈጅበታል።

ብዙ ሰው ሪፒተሩን የሚሰካው ዋይፋይ የጠፋበት ቦታ ላይ፣ ማለትም ሰርቪስ ቤቱ ውስጥ ነው። እዚያ ስልኩ ከሪፒተሩ አጠገብ ስለሆነ በ50 ሜጋ ቢት ይገናኛል። ሪፒተሩ ራሱ ግን ራውተሩን የሚሰማው በዚያው በሩቁ ርቀት ነው፤ አንቴናው ከስልኩ ትንሽ ስለሚሻል 4 ሜጋ ቢት ያገኛል እንበል። ፋይሉ ከራውተሩ ወደ ሪፒተሩ 15 ሰከንድ፣ ከሪፒተሩ ወደ ስልኩ 1.2 ሰከንድ ይወስዳል። ጠቅላላው 16.2 ሰከንድ፣ ፍጥነቱም 3.7 ሜጋ ቢት ነው። የስልኩ ምልክት ግን ሙሉ ነው፤ ምልክቱ የሚያሳየው ስልኩ ከሪፒተሩ ጋር ያለውን ግንኙነት ብቻ ነውና። ሪፒተሩ ከራውተሩ ጋር ያለውን ድካም ስልኩ ማወቂያ የለውም።

ሌላው ስህተት ተቃራኒው ነው፤ ሪፒተሩን ከራውተሩ አጠገብ መሰካት። አሁን የመጀመሪያው ጉዞ በ60 ሜጋ ቢት ስለሚሄድ አንድ ሰከንድ ብቻ ይፈጃል። ሁለተኛው ጉዞ ግን ግድግዳዎቹን ሁሉ ማለፍ ስላለበት 5 ሜጋ ቢት ላይ ይወርድና 12 ሰከንድ ይፈጃል። ድምር 13 ሰከንድ፣ ፍጥነት 4.6 ሜጋ ቢት።

ሦስተኛው ቦታ መሀል ላይ ነው፤ ለምሳሌ ወደ ጓሮው የሚያየው የወጥ ቤት መስኮት አጠገብ ያለው ሶኬት። ከዚያ ሪፒተሩ ራውተሩን በ30፣ ስልኩም ሪፒተሩን በ30 ሜጋ ቢት ይሰማል። ሁለት ሰከንድ ለመቀበል፣ ሁለት ሰከንድ ለመላክ፤ ጠቅላላው አራት ሰከንድ። ፍጥነቱ 15 ሜጋ ቢት ነው።

እነሆ «ግማሹ»፦ የ30 ግማሽ። ከሦስቱ ቦታዎች የተሻለውም ይኸው ነው። ሪፒተር ከሌለበት ከ3 ሜጋ ቢት ጋር ሲነጻጸር ደግሞ አምስት እጥፍ ነው። ሁለቱ ጉዞዎች ጊዜያቸው ስለሚደመር፣ የአንዱ መፍጠን የሌላውን መንቀርፈፍ አይክስም። ሪፒተሩ የሚፈልገው ሁለቱንም ወገን ደህና አድርጎ የሚሰማበትን ቦታ ነው፤ ስልክ ይዞ ሲዞሩ የራውተሩ ሲግናል -65 dBm አካባቢ የሚያሳይበት ቦታ ብዙውን ጊዜ ጥሩ መነሻ ይሆናል።

አንድ ነገር እዚህ ላይ መታየት አለበት። የቤቱ የኢንተርኔት ፓኬጅ 10 ሜጋ ቢት ቢሆን ኖሮ፣ መሀል የተሰካው ሪፒተር የሚያሳልፈው 15 ከፓኬጁ በላይ ነው። ሰርቪስ ቤት ያለው ሰው ሙሉ 10 ያገኛል፤ ግማሽ መሆኑን ፈጽሞ አያውቀውም። ፓኬጁ ወደ 50 ሲያድግ ግን ሳሎኑ ይፈጥናል፣ ሰርቪስ ቤቱ 15 ላይ ይቆማል፤ ቅሬታውም ያኔ ይጀምራል። የበለጠ ፓኬጅ መግዛት የሪፒተሩን ጣሪያ ከፍ አያደርገውም።

ሳሎን ያለው ሰውም ይከፍላል

የሪፒተሩ ዋጋ የሚከፈለው ሰርቪስ ቤት ውስጥ ብቻ አይደለም። ሰርቪስ ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው በሪፒተሩ በኩል በ10 ሜጋ ቢት ቪዲዮ ቢያይ፣ የመንገዱ አቅም 15 ስለሆነ የአየሩን ሁለት ሦስተኛ ጊዜ ይወስዳል። ሳሎን ውስጥ ብቻውን ሲሆን 40 ሜጋ ቢት የሚያገኝ ላፕቶፕ የሚቀረው አንድ ሦስተኛ ጊዜ ነው፤ ፍጥነቱም ወደ 13 ይወርዳል። ላፕቶፑ ከሪፒተሩ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም፤ የሚጋራው አየሩን ብቻ ነው።

ሪፒተር ላይ ሪፒተር ሲቀጠል ነገሩ ይብሳል። መሀል ላይ ሁለት ሪፒተሮች ካሉ ፓኬቷ በአየሩ ሦስት ጊዜ ታልፋለች። በምሳሌያችን ሁሉም ጉዞ 30 ሜጋ ቢት ቢሆን እንኳ ያ ፋይል ስድስት ሰከንድ ይፈጃል፤ ፍጥነቱ ሲሶ፣ ማለትም 10 ይሆናል። በአንድ ግቢ ውስጥ ሦስቱም መሣሪያዎች ይሰማማሉና ተራ መጠበቃቸው አይቀርም።

በተግባር ደግሞ ከግማሽም የሚያንስበት ምክንያት አለ። ሰርቪስ ቤት ያለው ስልክና ሳሎን ያለው ራውተር እርስ በርስ ላይሰማሙ ይችላሉ፤ ሪፒተሩ የተገዛውም ለዚህ ነው። ስልኩ አዳምጦ «አየሩ ጸጥ ብሏል» ብሎ ወደ ሪፒተሩ መላክ ይጀምራል። በዚያችው ቅጽበት ራውተሩም ምንም ስላልሰማ ወደ ሪፒተሩ ይልካል። ሪፒተሩ ጋ ሁለቱ ይጋጫሉ፤ ሁለቱም እንደገና ይላካሉ። ፋይል ብቻ ሲወርድ ግጭቱ ብዙም አይሰማም። የቪዲዮ ጥሪ ሲሆን ግን ዳታው በሁለቱም አቅጣጫ ስለሚጎርፍ፣ ድምፅ መቆራረጥ የሚጀምረው የፍጥነት መለኪያው ደህና ቁጥር እያሳየም ነው።

ጥፋቱ የማን እንደሆነ መለየት

ፍጥነት ሲያንስ ጥፋቱ የኢንተርኔት አቅራቢው፣ የሪፒተሩ ቦታ ወይስ የአንድ ሬዲዮ ጉዳይ መሆኑን መለየት ይቻላል። የተለመደው የኢንተርኔት ፍጥነት መለኪያ ለዚህ አይበቃም፤ ፓኬጁ ዝቅተኛ ከሆነ የዋይፋዩን አቅም ይሸፍነዋል። መለካት ያለበት ቤት ውስጥ ያለው መንገድ ብቻ ነው። ለዚህ ባለሙያዎች የሚጠቀሙት በነጻ የሚገኘውን `iperf3` ነው።

አንድ ላፕቶፕ በኬብል ከራውተሩ ጋር ይያያዝና የመጀመሪያው ትእዛዝ ይጻፍበታል። ሌላው ላፕቶፕ በዋይፋይ ሆኖ ሁለተኛውን ትእዛዝ ይጽፋል፤ ቁጥሩ በኬብል የተያያዘው ላፕቶፕ አድራሻ ነው።

```
iperf3 -s
iperf3 -c 192.168.1.10 -R
```

`-R` የተጨመረው ዳታው ከኬብሉ ላፕቶፕ ወደ ዋይፋዩ ላፕቶፕ እንዲሄድ፣ ማለትም ማውረድ እንዲለካ ነው። መለኪያው ሁለት ጊዜ ይደረግ። መጀመሪያ ሪፒተሩ የተሰካበት ቦታ ላይ ቆሞ፣ ሪፒተሩን ነቅሎ፣ በቀጥታ ከራውተሩ ጋር በመገናኘት። ቀጥሎ ሪፒተሩን ሰክቶ፣ እዚያው ቦታ ላይ፣ በሪፒተሩ በኩል በመገናኘት።

የመጀመሪያው 30፣ ሁለተኛው 15 አካባቢ ከሆነ ሪፒተሩ ሥራውን በትክክል እየሠራ ነው፤ የሚታየው የአንድ ሬዲዮ ዋጋ ነው። የመጀመሪያው ራሱ 5 ከሆነ ቦታው መጥፎ ነው፤ ሪፒተሩ ወደ ራውተሩ መጠጋት አለበት። የመጀመሪያው 30 ሆኖ ሁለተኛው 4 ከሆነ ደግሞ ከግማሽ መከፈል ያለፈ ሌላ ችግር አለ፤ የጎረቤት ዋይፋይ የሞላው ቻናል ወይም በእርግጥ የተበላሸ ሪፒተር ሊሆን ይችላል።

የመጀመሪያው ላፕቶፕ በኬብል መያያዙ ለድርድር አይቀርብም። ሁለቱም በዋይፋይ ከሆኑ ዳታው ከአንዱ ላፕቶፕ ወደ ራውተሩ፣ ከራውተሩ ወደ ሌላው ላፕቶፕ በዚያው ቻናል ይሄዳል። በቤቱ ውስጥ ምንም ሪፒተር ሳይኖር ቁጥሩ ግማሽ ይሆናል፤ ራውተሩ ራሱ ሪፒተር ሆኗልና።

መውጫው ሁለተኛ መንገድ ነው

መፍትሔው ከምክንያቱ ይከተላል፦ ሁለቱ ጉዞዎች በአንድ አየር እንዳይሄዱ ማድረግ። አስተርጓሚው በተዘጋ ክፍል ሆኖ፣ አድማጮች በጆሮ ማዳመጫ የሚሰሙበት ስብሰባ ላይ ተናጋሪው መቆም አያስፈልገውም፤ ሁለቱ ድምፆች የሚሄዱት በተለያየ መንገድ ነው።

ሁለት ሬዲዮ ያለው ሪፒተር በ5 ጊጋኸርዝ ከራውተሩ እየተቀበለ በዚያው ቅጽበት በ2.4 ጊጋኸርዝ ለስልኩ መላክ ይችላል። ሲገዛ ግን ሁለት ነገር ልብ ማለት ይገባል። አንደኛ፣ ሁለት ሬዲዮ መኖሩ ብቻ አይበቃም፤ አንዳንዱ በ5 የተቀበለውን በ5፣ በ2.4 የተቀበለውን በ2.4 ብቻ የሚልክ ነው። እንዲህ ያለው ስልኩ በየትኛውም ቢገናኝ ያው ግማሽ ነው። መቼቱ ውስጥ ከራውተሩ ጋር የሚገናኝበትን ባንድ ለብቻ፣ ለስልኮች የሚያድለውን ባንድ ለብቻ መምረጥ መቻሉን መጠየቅ ይሻላል። ሁለተኛ፣ 5 ጊጋኸርዝ ግድግዳ ሲያልፍ ከ2.4 ይበልጥ ይዳከማል፤ ስለዚህ ሪፒተሩ ወደ ራውተሩ ጠጋ ማለት አለበት። ሳጥኑ ላይ ያለው AC1200 የሚለው ጽሑፍም እንዳያታልል፤ 1200 የተባለው የ2.4ቱ 300 እና የ5ቱ 867 ተደምረው የተጠጋጋ ቁጥር ነው። አንድ ስልክ በአንድ ጊዜ የሚገናኘው በአንዱ ብቻ ነው።

ውድ የሆኑት ባለ ሦስት ባንድ ሜሽ መሣሪያዎች ሦስተኛ ሬዲዮ ጨምረው፣ እርሱን በመሣሪያዎቹ መካከል ለሚደረገው ጉዞ ብቻ ይመድቡታል። ዋጋቸው የሚወደደውም በዚህ ሬዲዮ ምክንያት ነው። «ሜሽ» የሚለው ስም ብቻውን ግን ዋስትና አይሆንም፤ ርካሽ ሜሽ መሣሪያዎች ዳታውን የሚያቀባብሉት ስልኮቹ በሚጠቀሙበት በዚያው ሬዲዮ ነው።

ለቪላና ሰርቪስ ቤት ግን ከሁሉም የሚሻለው ኬብል ነው። የኔትወርክ ኬብል እስከ 100 ሜትር ስለሚሠራ ተራ ግቢ አያሳጥረውም። ከሳሎኑ ራውተር እስከ ሰርቪስ ቤቱ በቱቦ ተዘርግቶ፣ ጫፉ ላይ አክሰስ ፖይንት ይያያዛል። ብዙ ሪፒተሮች የኬብል መሰኪያ ስላላቸው መቼታቸውን ወደ Access Point መቀየር ብቻ ይበቃል። ቁም ሳጥን ውስጥ የተቀመጠ አሮጌ ራውተርም ያገለግላል፤ አድራሻውን ከዋናው ራውተር የተለየ ማድረግ፣ DHCP የሚለውን ማጥፋትና ኬብሉን LAN ከተባሉት መሰኪያዎች በአንዱ መሰካት ነው። ከዚያ ሳሎኑ በቻናል 1 ቢሠራ ሰርቪስ ቤቱ በ6 ወይም በ11 እንዲሠራ ይደረጋል፤ እነዚህ ሦስቱ በ2.4 ጊጋኸርዝ ላይ የማይነካኩ ቻናሎች ናቸው።

በዚህ ዝርጋታ ከራውተሩ ወደ ጓሮ የሚሄደው ዳታ በኬብል፣ ከአክሰስ ፖይንቱ ወደ ስልኩ የሚሄደው በአየር ያልፋል። በምሳሌያችን አክሰስ ፖይንቱ ሰርቪስ ቤቱ ውስጥ ስለሆነ ስልኩ 50 ሜጋ ቢት ያገኛል፤ ያ ፋይል 1.2 ሰከንድ ይፈጃል። የሳሎኑ ላፕቶፕም 40ውን አያጣም።

ኬብል መዘርጋት በማይቻልበት፣ በተለይ በኪራይ ቤት፣ ባለ አንድ ሬዲዮው ሪፒተር ቦታው አለው። 3 ሜጋ ቢት ወደ 15 ካደገና ፓኬጁ 10 ከሆነ፣ ለሁለተኛ ሬዲዮ ተጨማሪ ገንዘብ ማውጣት ትርፉ አይታይም። ሱቅ ላይ ሲደርሱ መጠየቅ ያለበት ስንት አንቴና እንዳለው ወይም ሳጥኑ ላይ ስንት ቁጥር እንደተጻፈ ሳይሆን፣ ከራውተሩ ሲቀበልና ለስልኩ ሲልክ በተለያየ ሬዲዮ መሥራት መቻሉ ነው። ሻጩ የማያውቅ ከሆነ አንድ ሬዲዮ ብቻ እንዳለው ቆጥሮ፣ ፓኬጁን ከግማሹ ፍጥነት ጋር አነጻጽሮ መወሰን ነው።